እኩልና ሲሶ ሲደመሩ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ወረታ ላይ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን ከአምስተኛ አያልፍም። የትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር መጥቶ ልጆቹን ጠይቆ ካልረካ ስድስተኛ አይከፈትልንም፤ ካልተከፈተ ደግሞ ደብረ ታቦር የሚያስጠጋው ዘመድ የሌለው ልጅ ሁሉ ትምህርቱ እዚያው አበቃ ማለት ነው። እኔ ግን ጉረኛ ነኝ፤ አልደብቅም። “ይምጣ እንጂ፣ ልጆቼን ያያቸዋል” እያልኩ እፎክር ነበር።

ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመልመጃ ወረቀት በካርቦን ገልብጬ አደልኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ የሚል ነው። ሰብስቤ ባየው፣ ክፍሉ በሙሉ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ “ሁለት አምስተኛ” ብሏል። ደሜ ፈላ።

“ይኸን ማን አስተማራችሁ?” አልኩ።

ከቁሐር ሚካኤል የምትመላለስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። “እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ” አለች።

የፈተና ወረቀቷንም አሳየችኝ። በአንዱ ፈተና ከአምስት ሦስት፣ በሌላው ከአምስት አራት አግኝታ፣ በገዛ እጄ በቀይ 3/5 + 4/5 = 7/10 ብዬ ጽፌላታለሁ። ክው አልኩ። ጥያቄዎቹ አምስትና አምስት፣ በጠቅላላው አሥር ስለሆኑ ከአሥር ሰባት ማግኘቷ እውነት ነው። የሁሉንም ማርክ እንዲህ እንደ ክፍልፋይ ድምር አድርጌ መጻፌ ነው ጥፋቱ። ልጆቹም አንዱን ክፍልፋይ እንደ አንድ መጠን ሳይሆን እንደ ሁለት ቁጥር ማየት ለመዱ።

በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ ወደ ደጅ አወጣኋቸው። መሬት ላይ በዱላ አንድ ማሳ ሣልኩና በገበሬ አነጋገር፣ ግማሹን እኩል፣ አንድ ሦስተኛውን ሲሶ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እኩሉ ጤፍ፣ ሲሶው ጓያ ተዘራ። ስንቱ ተዘራ?”

“ሁለት አምስተኛ” አሉ፣ እንደለመዱት።

ያችው ልጅ ማሳውን ትክ ብላ አየች። “ጤፉ ብቻውን እኩል አይደል? ሁለት አምስተኛማ ከእኩል ያንሳል” አለች።

ማሳውን ስድስት ትክክል ቦታ ከፈልኩት። ጤፉ ሦስቱን፣ ጓያው ሁለቱን ያዘ፤ አንዱ ጦም አደረ። አምስት ስድስተኛ! ታችኛው ቁጥር የቁራሹን ልክ ይናገራል እንጂ አይደመርም፤ ቁራሾቹ ልካቸው አንድ ከሆነ በኋላ የሚቆጠረው ላይኛው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማርክ በፊደል “ከአሥር ሰባት” እያልኩ ጻፍኩ። ልጆቹንም መልሱ ከእኩል ይብለጥ ይነስ ሳይናገሩ ጠመኔ እንዳይነኩ ከለከልኩ።

ኢንስፔክተሩ መጣና ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ጽፎ ያችኑ ልጅ ጠራ። እኔ ላብ አጠመቀኝ።

“ከእኩል ይበልጣል” አለች አስቀድማ። ከዚያ ሦስት አራተኛ ብላ ጻፈች።

“ለምን ሁለት ስድስተኛ አይሆንም?” አላት ሊያጠምዳት።

“ሁለት ስድስተኛማ ሲሶ ነው፣ ጌታዬ። እኩል የያዘ ሰው እርቦ ሲጨመርለት ወደ ሲሶ ይወርዳል እንዴ?”

ኢንስፔክተሩ ሳቀና መዝገቡን ገለጠ። በትከሻው በኩል አሾልቄ ሳነብ “ስድስተኛ ክፍል ይከፈት” ይላል። ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ኮርቼ አላውቅም፤ ኩራቴም በራሴ አልነበረም።