ሐመሩ፣ ብዙኃኑና የባሌ ድንጋይ

የባሌን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት «አያ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ «እሱ» ይበቃዋል።

ድብ ባሕር ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ጎንደር ከተማ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ምን እንደተማሩ አላውቅም፤ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ያምታታ ልጅ ግን ጆሮው በደህና ቤቱ አይገባም ነበር። ዛሬም ለቅሶ ሲሄድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆሞ አርሞ ነው ድንኳን የሚገባው።

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የተሰጠኝን እመታለሁ። አንዱ አለቃዬ ፀሐይን በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፋት ነበር፤ እሷ በሁለቱም ትወጣለች።

ሙሽራ ሳለሁ የመጀመሪያ ጽንሴ ጨነገፈብኝ። ባሌ ለሥራ አዲ አርቃይ ስለነበር ለአማቴ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «ሀዘን ላይ ነኝና ይምጡልኝ።» አማቴ ማንበብ አይችሉም፤ ያነበበላቸው እሱ ነው። እሳቸው መጡ፤ ደብዳቤዬም አብሯቸው መጣ። «ሀዘን» በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ፦ «በሐመሩ ሐ እንጂ በሃሌታው ሀ አይጻፍም። ይታረም።» ስለ ልጁ አንድ ቃል የለም።

ያቺን ቀይ መስመር አልረሳኋትም። አልተናገርኳትም እንጂ።

ባሌ ዐረፈ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የመቃብሩን ድንጋይ አዝዤ ጽሑፉን አዘጋጀሁ፤ ስሙን፣ የተወለደበትንና ያረፈበትን ዓመት፣ ከታች «ባለቤቱ አቆመችለት» የሚል።

እሱ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝ። «ድንጋይ እንደ ወረቀት አይሰረዝም። እኔ ላስተካክለው» አለ።

ተስተካክሎ ሲመጣ ባለቤቱ የለችም። በእኔ ቦታ «በጥልቅ ሐዘን ላይ የሚገኘው ታላቅ ወንድሙ ይህን መታሰቢያ አቆመለት» ተብሏል።

«እኔስ የት አለሁ፣ አያ?»

«ቦታ አይበቃም። ደግሞ አንቺን ያላወቀ ማን አለ?»

አብሬው ያረጀሁት ሴት፣ ሁለት ቃል የሚሆን ቦታ ታጣልኝ። ልከራከረው አልኩና ተውኩት። ከእሱ ጋር የተጀመረ ክርክር መጨረሻው ግእዝ ነው፤ ግእዝ ደግሞ እኔ አልችልም።

ያዳነኝ ራሱ ነው። ጽሑፉን የሚያደንቅለት ሰው ሲፈልግ አንድ ወዳጁን መሪጌታ ቤቴ ይዞ መጣ። መሪጌታው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው አነበቡ።

«ሸጋ ነው። ሐዘኑ ግን በብዙኃኑ ኀ ነበር መሆን ያለበት።»

«ማን አለ?»

«መጽሐፍ አለ!»

«የእኔ መጽሐፍ በሐመሩ ነው የሚለው!»

«መጽሐፍህንስ ማን ጻፈው? እንደ እኔና እንዳንተ እንቅልፍ ያዳፋው ደብተራ አይደል?»

እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ሰማሁ። በቀይ ቀለም የተመለሰችልኝ ቃል ለካ ገና ችሎት ላይ ነበረች!

«ታዲያ አያ፣ ያኔ የእኔን በምን ሰረዙት?»

«የምኑን?» አለኝ። ረስቶታል። ከልቡ ረስቶታል።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም መጽሐፍ ይዘው ይመላለሱ ጀመር። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በመጨረሻ ሰላምታም ተዉ። አንዳቸውም «ሀዘኑን እንተወው» አላሉም፤ ስለ ሟቹም ያነሳ አልነበረም። ድንጋይ ጠራቢው ደወለልኝ። «እትዬ፣ ጽሑፉ ነገ ካልደረሰኝ ለሙት ዓመቱ አይደርስም።»

«ነገ ለምን? አሁን አመጣልሃለሁ» አልኩት።

ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። የባሌ ስም፣ እግዜር ይስጣቸው አባቱን፣ የሚያጣላ ፊደል የለበትም። ዓ.ም. ላይ ሁለቱ ሊቃውንት ይስማማሉ። «አቆመችለት» ያልኩትን ግን ሰረዝኩት፤ አልፋው አ ዐይኑ ዐ የሚባል መንትያ አለውና፣ ሦስተኛ መሪጌታ ይዞብኝ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። በቦታው «ባለቤቱ ተከለችለት» አልኩ። ሀ የለበት፣ ሰ የለበት፣ አ የለበት፣ ጸ የለበት። ጠራቢው ዘንድ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ከጸሎቱ በኋላ ዘመዱ ሁሉ መቃብሩን ከበበ። መሪጌታው ራቅ ብለው ቆመዋል። እሱ መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እየጎተተ አነበበ፤ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደገመው። ሰው ሁሉ ጸሎት እያደረሰ መስሎት አንገቱን ደፋ። እኔ ምን እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ቀና አለ።

«አራት ነጥብ ጎድሎታል» አለ።

«እኔ ስጨመር ይገባል፣ አያ» አልኩት። «ከታች ቦታ አስተርፌያለሁ። ለአንድ ሰው ይበቃል።»