ኢቲሳም ለምን ትለቃለች?

ኢቲሳም አሕመዲን ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የደንበኞች አገልግሎት መስኮት ላይ ከተቀመጠች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በአካውንቲንግ ተመርቃ በተቀጠረች ሰሞን ብሩን ሦስቴ አራቴ እየደገመች ነበር የምትቆጥረው። አሁን ከአምባሰል የሚወርዱትን ገበሬዎች በስማቸው ትጠራለች፤ ፊርማው ከፋይሉ አልገጥም ያለ ሽማግሌ ቢመጣ፣ ሰው ፊት ሳታሳፍረው ደግሞ እንዲፈርም ማድረግ ታውቅበታለች። መስከረም ላይ ወደ ግሸን የሚያልፈው ሕዝብ ብር ሊያወጣ ሰልፉን በሩ ድረስ ሲያስረዝመው እንኳ ፊቷ አይጠቁርም።

ታዲያ ደሴ ያለ ሌላ ባንክ ከወለድ ነፃ ለሆነው የፋይናንስ ክፍሉ ጀማሪ ባለሙያ እንደሚፈልግ ስታነብ፣ ለማንም ሳትናገር አመለከተች። ማክሰኞ ለቃለ መጠይቅ ቅረቢ ተብሎ ስልክ ተደወለላት።

እሑድ ጓደኛዋ ማርያማዊት ወላጆቿን ልትጠይቅ ከደሴ መጣች። ማርያማዊት በፊት አብራት መስኮት ላይ የሠራች ናት፤ ኋላ ደሴ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ገብታ፣ ሥራ ፈላጊ ስትጠይቅ ነው የምትውለው። ሁለቱ ወደ ሐይቁ ወረዱና ዳር ላይ ተቀመጡ።

«እሺ» አለች ማርያማዊት ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «አሁን ያለሽበትን ሥራ ለምን ትለቂያለሽ?»

ኢቲሳም ይህን ጥያቄ ጠብቃዋለች። ከቴሌግራም ያገኘችውን ሞዴል መልስ ሌሊት ስትሸመድድ ነው ያደረችው። «አሁን ባለሁበት ተቋም ሰፊ ልምድ ቀስሜያለሁ። ሆኖም ራሴን ለማሳደግና አዳዲስ ኃላፊነቶችን ለመሸከም ስለምሻ፣ የዕድገት ዕድል ወዳለበት ተቋም መቀላቀል እፈልጋለሁ።»

«ጥሩ ነው። ነቀፋ የለውም» አለች ማርያማዊት። «ግን ባለፈው እኛ ጋ የቀረቡት ሁሉ ይችኑ ነው ያሉት። አንደኛው እንዲያውም ቃል ሳያዛንፍ።»

«ስህተት ነው በይኛ።»

«ስህተትስ አይደለም፤ ያንቺ አይደለም እንጂ። ዕድገት ስትይ ወዴት ነው? ደሞዝ ነው? ወንበር ነው?»

ኢቲሳም ወደ እሷ ዞረች። «እውነቱን ልንገርሽ? አምስት ዓመት አንድ መስኮት። ሁለቴ ለደረጃ ተወዳድሬ ሁለቴም ሰው ከሌላ ቦታ አመጡ። ምን እንደጎደለኝ የነገረኝ የለም።»

ማርያማዊት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ገብቶኛል። እዚያ ግን እንዳትይው። እውነት ቢሆንም፣ የሚሰማሽ ሰው ነገ እኛንም እንዲህ ታማናለች ነው የሚለው። እስቲ ሌላ ልጠይቅሽ። ደረጃው ቀርቶብሽም ዝም ብለሽ ስትሠሪ ኖረሻል። መውጣት ያሰብሽው መቼ ነው?»

ኢቲሳም ስለ ባድሩ ነገረቻት። ባድሩ ሐይቁ ላይ አሣ የሚያጠምዱ ወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። አሣው ሳይሸጥ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው፣ ባንኩ ማቀዝቀዣ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ አሳውቆ፣ በጊዜ በሚከፈል ዋጋ እንዲሸጥላቸው ጠየቁ። ወለድ የሌለበት ስለሆነ ሁሉም ተስማምተውበት ነበር። ማመልከቻው ደሴ ወዳለው የባንኩ ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ሄደና ተቀባይነት አላገኘም ተብሎ ተመለሰ። ባድሩ መስኮቷ ጋ ቆሞ ምኑ ነው የጎደለን ብሎ ጠየቃት። እሷ አታውቅም። ውሳኔውን የሚያውቁት ደሴ ያሉት ናቸው አለችው። ባድሩም «አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ብሏት ሄደ።

«ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ኢቲሳም። «ሰው አጥንቶ የሚወስነው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያማረኝ ያን ቀን ነው። እኛ ቅርንጫፍ ደግሞ ያ ሥራ የለም፤ ወረቀቱን ተቀብለን ማስተላለፍ ነው።»

«በቃ፣ መልስሽ ይኼ ነው» አለች ማርያማዊት። «መጀመሪያ መስኮቱ ምን እንዳስተማረሽ ንገሪያቸው። ከዚያ የትኛው ሥራ እንደጎደለሽ። ከዚያ እነሱ ጋ ለምን እንደመጣሽ። አታርዝሚው። የደንበኛውን ስም አታንሺ፣ የሰው ምስጢር ነው። ደግሞ አለቃሽ በሩ ላይ ቆሞ ቢሰማሽ የምታፍሪበት ነገር አይኑርበት።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ኢቲሳምን አላስተኛት አለች። ሰኞ ጠዋት ለማክሰኞ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። አሞኛል ማለት ይቻላል፤ ሁሉም የሚለው ነው። የሥራ አስኪያጁን የአቶ ውበቱን በር ስታንኳኳ እንኳ አልወሰነችም ነበር።

«አቶ ውበቱ፣ ነገ ደሴ ሌላ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ፈቃድ ልጠይቅዎ ነው።»

አቶ ውበቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን ትለቂያለሽ?»

ሐይቁ ዳር ያሰናዳችውን ነገረቻቸው። እሳቸው ጠረጴዛውን እያዩ ጨርሰው ሰሟት።

«እኔ እኮ መስኮቱ የተመቸሽ ነው የሚመስለኝ። ፈገግታሽን እያየሁ።»

«ተመችቶኛል። የምማረው ግን አለቀብኝ።»

«ዲስትሪክቱን ልጠይቅልሽ እችላለሁ። መቼ እንደሚመልሱ አላውቅም» አሉና ፈቃዱን ፈረሙላት። ስትወጣ ጠርተው መለሷት። «ለደረጃው ስትወዳደሪ እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔም አልጠየቅሁሽም።»

ማክሰኞ ደሴ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረበች። ጥያቄው ሲመጣ አልሸመደደችውምና ቃላቱ እንደ እሑዱ አልተደረደሩላትም። መስኮቱ ሰው ማድመጥንና ጥንቃቄን እንዳስተማራት፣ ቅርንጫፏ ማመልከቻ ተቀብሎ ከማስተላለፍ እንደማያልፍ፣ አንድ ደንበኛ ለምን ተከለከልን ብሎ ሲጠይቃት መልስ ማጣቷን፣ እዚህ ግን ሥራው ከጥናቱ እስከ ውሳኔው እንዳለ ተናገረች።

መሀል የተቀመጡት ሴትዮ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ባንክሽ ነገ ይህንኑ ሥራ ቢሰጥሽ ትቀሪያለሽ?»

ለዚህ አልተዘጋጀችም። «ትናንት ሥራ አስኪያጄን አነጋግሬያቸዋለሁ። ልጠይቅልሽ ብለውኛል። ባለፈው ዓመት ሰጥተውኝ ቢሆን እቀር ነበር። አሁን ግን ቀድሞ ከሚያስተምረኝ ጋር ነኝ።»

«ታዲያ እኛንስ ነገ ትተሽን ላለመሄድሽ ምን ዋስትና አለን?» አሉ ከጎናቸው ያሉት።

«አንድ መስኮት ላይ አምስት ዓመት ተቀምጬ ነው የመጣሁት። የምማረው እያለ አልሄድም።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ብዕራቸውን አነሡ። በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ስትመለስ መልሷን ደጋግማ አገላበጠችው። የመጨረሻው ትዕቢት መሰላት፤ እንደገና ደግሞ እውነት መሰላት።

ሳምንታት አለፉ። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ተመርጠሻል ተባለች። ከዲስትሪክቱ እስከዚያ ድረስ መልስ አልመጣም፤ እሷም የአንድ ወር ማስጠንቀቂያዋን አስገባች።

የከበዳት ለአባቷ መንገሩ ነበር። አቶ አሕመዲን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በዕድሜያቸው አንድ ሱቅ እንጂ ሌላ አላዩም። ነግራቸው ስትጨርስ ረጋ ብለው ጠየቋት።

«ማን አስከፋሽ?»

«ማንም።»

«ሰው ሳይከፋው እንጀራውን ይለቃል?»

ያን ጊዜ ኢቲሳም ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መልስ ተናገረች፤ አሁን ግን በቤት ቋንቋ፣ ስትሰናከልም እየተመለሰች። አባቷ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ሁሉንም የተረዱ አይመስሉም ነበር።

«ከሰዎቹ ጋ በሰላም ከተለያየሽ አልሃምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያ የምትማሪው ነገር እስቲ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው አስረጂኝ» አሏት።