የአድማው ዜና እና የጫኖዋ ሴት ሙሉ ቃል

በአርባ ምንጭ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ከላይኛው የከተማው ክፍል ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ለመውረድ መንገድ ዳር ብቆም አንድም ሚኒባስ የለም። ባጃጆቹ ሰው ጠቅጥቀው ሳይቆሙ ያልፋሉ። አጠገቤ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሚኒባስ ሹፌሮቹ ከዛሬ ጀምሮ አድማ መምታታቸውን ነገረኝ። ቁልቁለቱን ከሌላው ሰው ጋር በእግሬ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ከስብሰባና ከችግኝ ተከላ የዘለለ ዜና ሠርቼ አላውቅም።

አዘጋጃችን የጨንቻ ሰው ነው። ዱሮ መምህር ነበርና ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ አይለይም፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንለዋለን። ገና ስገባ የአድማውን ወሬ ለስድስት ሰዓት ተኩል ዜና እንዳደርስ ነግሮኝ መቅረጫውን ሰጠኝ።

መጀመሪያ መናኸሪያ ሄድኩ። ሹፌሮቹ መኪኖቻቸውን ደርድረው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ወኪላቸው ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። የሚጠይቁት በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት መሆኑን ነገረኝ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ከመሸ ይገባሉ፤ እሱ ራሱ ልጆቹን ነቅተው ካያቸው እንደሰነበተ ተናገረ። ጥያቄያቸውን በደብዳቤ አስቀድመው ለባለንብረቶቹ ማኅበር ማስገባታቸውንም አከለ። ደብዳቤውን ለማየት ጠየቅሁት። ከደረት ኪሱ አጣጥፎ የያዘውን ቅጂ አወጣ። የተቀባይ ፊርማ አለበት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሁለት ሚኒባስ ያላት፣ ሲቀላ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት ናት። ስልክ ብደውል አላነሳችም። «ሊገኙ አልቻሉም» ብዬ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ሱቋ ግን አሥር ደቂቃ እንኳን አያስኬድም። ስደርስ ደንበኛ እያስተናገደች አገኘኋት፤ ቁጣዋም ፊቷ ላይ ነበር። ደብዳቤ የሚባል እንዳልደረሳት፣ አብዛኞቹ መኪኖችም ሥራ ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ። ከመናኸሪያ እየመጣሁ መሆኔን፣ እዚያም የተንቀሳቀሰ መኪና እንዳላየሁ፣ የደብዳቤው ቅጂም የተፈረመበት መሆኑን ስነግራት ደንበኛዋን ሸኘች። ከዚያ በርጩማ ሰጠችኝና በሌላ ድምፅ መናገር ጀመረች።

«ፊርማው የጸሐፊያችን ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አላየሁትም፤ ይህንኑ ጻፊ። ማረፋቸውን አልጠላም እኮ። ሹፌሩ ባረፈ ቀን መኪናውን ማን ይይዘዋል? ለማላውቀው ሰው ቁልፍ አልሰጥም።»

ከሱቋ ወጥቼ ከከተማው ወደ ጫኖ መንደር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄድኩ። ከጫኖ ማንጎ የሚያመጡ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ነው የሚገቡት። ያን ቀን በእግራቸው እየመጡ ነበር። አንዷ መንገድ ዳር ቅርጫቷን አውርዳ አንገቷን ታሻለች። ዕድሜዋ ከእናቴ አይርቅም፤ አማርኛዋ ውስጥ ጋሞኛው ይሰማል። ሌሊት እንደተነሳች፣ ከታች ያለው ማንጎ በመንገድ እንደተጨፈለቀ ነገረችኝ። መቅረጫዬን አስጠግቼ ያለችውን ሁሉ ቀዳሁ።

ቢሮ ገብቼ በጥድፊያ ጻፍኩ። ከላይ የማንጎዋን ሴት አደረግሁ፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ድካም ሰሚን ይይዛል ብዬ። ቀጥሎ ሹፌሮቹን፣ ቀጥሎ ባለንብረቶቹን፣ ለሁለቱም እኩል አራት አራት መስመር። መስመሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሚዛኑን የጠበቀ ዜና ማለት ያ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ አነበበና ቀይ እስክሪብቶውን ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«ይህችን ሴት መግቢያው ላይ ስታስቀምጫት በማን ላይ እየፈረድሽ እንደሆነ አስተውለሻል?»

በማንም ላይ እንዳልፈረድኩ መለስኩለት።

«የሚሰማሽ ሰው ግን ከዚህ ቀጥሎ "ሹፌሮቹ" የሚል ሲሰማ ጥፋተኛውን አግኝቷል። ለመሆኑ እሷ ራሷ ማንን ወቀሰች?»

መቅረጫውን አነሳሁ። ስቀዳት ልብ ብዬ የሰማኋት ድካሟን እስክትናገር ድረስ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ጆሮዬ ቢሰማውም ልቤ አልያዘውም። ማዳመጫውን አድርጌ ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ስለ ማንጎው ተናግራ ትንሽ ትተነፍሳለች። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦

«ደከመኝ። ግን ባለፈው ሹፌሩ እንቅልፍ ይዞት መኪናው ከመንገድ ሲወጣ እኔ ውስጥ ነበርኩ። ይረፍ ሰውዬው። ባለቤቶቹም የሚተካው ሰው ይፈልጉ፤ እኛም በጊዜ እንግባ።»

አፈርኩ። ሦስቱን ወገኖች በአንድ ትንፋሽ ያስታረቀችበትን ንግግር ከግማሹ ቆርጬ፣ ድካሟን ብቻ ላሰማ ነበር። ጋሼ አልተቆጣኝም። ሰዓቱን አየና አርባ ደቂቃ እንዳለኝ ብቻ ነገረኝ።

መግቢያውን ለወጥኩ። ሚኒባሶቹ መቆማቸውን፣ ክርክሩ በሳምንታዊ ዕረፍት ላይ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት ሰዎች በእግር መሄዳቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ። ስለ ደብዳቤው ሊቀመንበሯ አልደረሰኝም ማለቷን፣ ሹፌሮቹ ያሳዩኝ ቅጂ ግን የተቀባይ ፊርማ እንዳለበት ጨመርኩ። ፊርማው የማን እንደሆነ ስላላረጋገጥኩ ያንንም አልደበቅሁም። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሊቀመንበሯ ስለ ተተኪ ሹፌር ያነሳችውን ለሹፌሮቹ አላቀረብኩትም ነበር። ለወኪሉ ደወልኩ። መንጃ ፈቃድ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ ሰዎችን እንደሚያውቁ፣ ጠባያቸውንም እነሱ ራሳቸው እንደሚመሰክሩላቸው መለሰልኝ። ይህን የመሰለ ሐሳብ እንዳላቸው ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። የጫኖዋን ሴት ሙሉ ቃል መጨረሻ ላይ፣ ሳልቆርጥ አስገባሁት። የሹፌሮቹ ክፍል ስድስት መስመር፣ የባለንብረቶቹ አምስት ሆነ። ያኔ አልቆጠርኩትም፤ በኋላ ነው ያየሁት።

ዜናው ተላለፈ። ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሯ ደወለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስልኩን በፍርሃት አነሳሁ። የፈለገችው ግን የወኪሉን ቁጥር ነበር። እሱን አስፈቅጄ ሰጠኋት። በማግስቱ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ተገናኙ፤ ስብሰባው ረጅም ነበር፣ አንድ ጊዜም ተቋርጦ ሹፌሮቹ ወጥተው ነበር። ረቡዕ ግን ተስማሙ፦ ተራ በተራ ዕረፍት፣ በዕረፍቱ ቀን ሹፌሮቹ የሚያቀርቡት፣ ባለንብረቱም ፈትኖ የሚቀበለው ተተኪ። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሊያዩትም ተዋዋሉ። ያስማማቸው የእኔ ዜና ነው አልልም፤ ሁለቱም ሰልችቷቸው ነበር። ሐሳባቸውን ሳያጣምም ከአንዱ ወደ ሌላው ማድረሱ ግን ይበቃኛል።

ቅዳሜ ጋሼ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጋበዘኝ። ስለ አድማው አላወራንም፤ ስለ ጨንቻ ብርድና መምህር ሳለ ስላስቸገሩት ተማሪዎች እያጫወተኝ ከሰዓቱን አሳለፍን። ስንመለስ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ የሚነዳው ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው ነበር፤ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ዋናው ሹፌር የት እንዳለ አንድ ተሳፋሪ ሲጠይቀው «ዛሬ ቤቱ ነው» አለና በቀስታ ዳገቱን ጀመረ።