ቀመሪያ ያስቀመጠችው ወረቀት

የኮሌጃችን መጽሔት ስለ ሲስተር ቀመሪያ አንድ ገጽ እንድጽፍ ጠይቆኝ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ታታሪ ናት፣ ትሑት ናት፣ ተማሪ ትወዳለች ብያለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ይኼኛው ግን ለመጽሔቱ የማይሆነው ነው፤ ምክንያቱም ቀመሪያን በደንብ ያወቅኋት ስቀናባት ነው።

ስሜ ዲንቄ ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች የግል የጤና ኮሌጅ ነርስ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከታች ማመልከቻ ጸሐፊዎች ተደርድረው ይጽፋሉ፤ ከላይ እኛ እናርማለን። ቀመሪያ መጀመሪያ ተማሪዬ ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥተው ሰንጋ ተራ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እሷም መርፌና ክር እየያዘች ያደገች ስለሆነች ቁስል መስፋት ስናስተምር ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እንዴት ያናድደኝ እንደነበር! ተመርቃ ሄደች፣ ሆስፒታል ሠራች፣ ዲግሪዋን ያዘች፣ ከዚያ መምህር ሆና ተመልሳ መጣችና ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ሰጧት። ተማሪዎች ለጥያቄ ሲመጡ በእኔ በኩል አልፈው ወደ እሷ ይሄዳሉ። እኔ ቀና ብዬ እንዳላየ ሰው ወረቀቴን እገልጣለሁ።

ነገሩ የተነሳው በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ቁፋሮ ተጀምሮ አቧራው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣ የነበረ ጊዜ። ተማሪዎቻችን ሆስፒታል ገብተው አንድ በሽተኛ ለሦስት ቀን ይከታተሉና የታመመውን፣ ያዩትን፣ ያደረጉትንና የመጣውን ለውጥ ጽፈው ያመጣሉ። ኬዝ ስተዲ እንለዋለን። ከስልሳ በታች ያገኘ ልምምዱን ይደግማል። መምህራን ካልተስማማን የመጨረሻውን ውጤት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት። ወረቀት ሳነብ ነጥቡ በራሱ ይመጣልኛል እል ነበር።

በዚያ ዓመት ሁለት ተማሪዎች አንድን በሽተኛ ተከታትለው፣ ተመካክረው፣ ተመሳሳይ ነገር ጽፈው አንዷ ሰባ ስምንት፣ አንዷ አምሳ አምስት አገኙ። ሁለቱ ተያይዘው ዲኑ ዘንድ ገቡ። ዲናችን አቶ በዕውቀቱ ስብሰባ ጠሩና፣ «ቀመሪያ፣ የማረሚያ መስፈርት አዘጋጂልን» አሉ። እኔን አላዩኝም። «በአንድ ወረቀት እንሞክረዋለን። ሦስት መምህራን ለየብቻ አርመው ከተቀራረቡ ከእንግዲህ ሁላችንም በሱ እናርማለን፣ የመጨረሻውንም ውጤት እሷ ታስተባብራለች። ካልሠራ እንደ ድሮው ይቀጥላል።»

እንደ ድሮው ማለት እኔ ማለት ነው። በዚያ ቤት የእኔ የምለው ያቺን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ቀመሪያ ረቂቋን ይዛ ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አደረገች።

«ሲስተር፣ ይዩልኝ እስቲ። እርስዎ ሳያዩት ልቤ አያርፍም።»

አየሁት። ወደ ታች የሚታረሙት ነገሮች አምስት ናቸው። ወደ ጎን ከአራት እስከ አንድ ደረጃ አለ። እኔ «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» ብላ የጻፈች መስሎኝ ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጻፈችም። በየሳጥኑ ውስጥ ወረቀቱ ላይ ምን መታየት እንዳለበት ነው የጻፈችው። ለምሳሌ የነርሷ ዳያግኖሲስ፣ ማለትም ነርሷ ራሷ የለየችው የበሽተኛው ችግር ላይ፣ ችግሩ፣ መንስኤውና ማስረጃው ሦስቱም ተጽፈው ከበሽተኛው መረጃ ጋር ከገጠሙ አራት። ሦስቱ ኖረው አንዱ ካልገጠመ ሦስት። ማስረጃው ከቀረ ሁለት። የሐኪሙን የበሽታ ስም ገልብጦ ካስቀመጠ አንድ። የጽሑፉ አቀራረብ የሌሎቹን ግማሽ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ እንዲይዝ አድርጋዋለች። እኔ በኅዳጉ አሰማመርና በእጅ ጽሑፉ ብቻ ስንት ተማሪ እንደወደድኩ አስታውሼ ፊቴ ጋለ። ምነው ይኼ ለእኔ ሳይታየኝ ቀረ አልኩ።

ከዚያ ግን ስህተቷን አገኘሁት። የመጀመሪያው ረድፍ «መረጃ አሰባሰብና ዳያግኖሲስ» ይላል። ሁለት ነገር በአንድ ረድፍ። መረጃው የጎደለ፣ ዳያግኖሲሱ ግን ያማረ ወረቀት ቢመጣ አራሚው የቱን ይዞ ይስጥ? አንዱ ይኼን፣ ሌላው ያንን ያያል፣ ነጥቡም ይበተናል። መናገር ነበረብኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኳት። «ምንም አይወጣለትም።»

«እውነትዎን ነው?» ደስ አላት። አመነችኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በልደታ ማርያም በኩል ሳልፍ ልሳለም እንኳ አልቆምኩም።

የሙከራው ቀን አራሚዎቹ እኔ፣ መምህር ዓባይነህና መምህር ሙኒር ነበርን። ቀመሪያ ስም የሌለው፣ በኮምፒዩተር የተተየበ ወረቀት አደለችን። የልብ ድካም ያለባቸው፣ እግራቸው ያበጠ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አንድ አዛውንት ታሪክ ነው። እየተነጋገርን እንዳናርም ሦስት ማዕዘን ላይ ተቀመጥን። ነጥብ ሰጥተን ስንጨርስ አቶ በዕውቀቱ ነጥቡን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

አራቱ ረድፍ አንድ ዓይነት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው ረድፍ ግን እኔ ሁለት፣ ሙኒር ሦስት፣ ዓባይነህ አራት።

«ይኼማ ያው የድሮው ነው» አሉ ዲኑ፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለች።

ቀመሪያ ግን ያልኩትን ያህል አልደነገጠችም። «ለምን እንደሰጣችሁ ንገሩኝ» አለች።

ዓባይነህ፣ «ዳያግኖሲሱን እዩት» አለ። «የሰውነት ፈሳሽ መብዛት፣ ከልብ መድከም የመጣ፣ ማስረጃው የእግር እብጠትና በሦስት ቀን የጨመረ ክብደት። ምን ይወጣለታል? አራት ነው።»

«እኔ መረጃውን ነው ያየሁት» አልኩ። «የሁለተኛው ቀን የሽንት መጠን አልተመዘገበም። ፈሳሽ በዝቶበታል በተባለ ሰው ላይ ይኼ ትልቅ ጉድለት ነው።»

ሙኒር፣ «እኔ መሐሉን ያዝኩ» አለና ሳቅን።

«ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቀመሪያ። ተነሥታ ረድፉን በመስመር ለሁለት ከፈለችው። መረጃ ለብቻው፣ ዳያግኖሲስ ለብቻው። የየደረጃውን ቃል እዚያው ቆማ ለየች። «እነዚህን ሁለቱን ብቻ ድገሙልኝ።»

ደገምን። መረጃ፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ዳያግኖሲስ፦ አራት፣ አራት፣ አራት። ላዛባው ብፈልግ እንኳ መውጫ የለኝም፤ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ወረቀቱ ላይ አለ፣ የለም፣ በቃ። ድምሩ ከሃያ ሁለት እኔና ዓባይነህ አሥራ ዘጠኝ፣ ሙኒር አሥራ ስምንት። የእኛ ከመቶ ሲሰላ ሰማንያ ስድስት ይመጣል።

አቶ በዕውቀቱ አጨበጨቡ። «አለቀ! ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በዚህ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው ደግሞ፣ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቀመሪያ። «በዘጠና አራት የጻፍኩት ነው። ማንም በቅርብ ያላረመው ወረቀት ስላጣሁ የራሴን ተየብኩት።»

ክው አልኩ። አዛውንቱ ትዝ አሉኝ፣ አልጋቸው በመስኮቱ በኩል ነበር። ወረቀቱም ትዝ አለኝ።

«ያኔ ስንት አገኘሽ ታዲያ?» አሉ ዲኑ እየሳቁ።

ቀመሪያ ወረቀቶቹን ትሰበስብ ነበር። «ቆይቷል እኮ፣ ጋሼ» አለች። እሳቸውም ተከታትለው ሊጠይቁ ስልካቸው ጮኸና ወጡ። ዓባይነህና ሙኒርም ተከተሏቸው።

ሁለታችን ቀረን። ከቦርሳዋ የድሮውን፣ በእጅ የተጻፈውን አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ላዩ ላይ በቀይ የእኔ እጅ ጽሑፍ አለ። አምሳ ስምንት። ከሥሩ አንድ ቃል፦ «አልተሟላም»። ሌላ ምንም የለም።

«ላሳፍርዎት ብዬ አይደለም» አለች። «ምን እንደጎደለኝ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገልጬ አየዋለሁ፣ አይገባኝም። ዛሬ ነው ያወቅኩት። ለካ የሁለተኛው ቀን ሽንት ነው።»

ወረቀቱን ገለጥኩት።

«ግን ሲስተር፣ እሱ ብቻ አምሳ ስምንት አያደርስም። ሌላ የጎደለ ነገር ነበር እንዴ?»

አዎ ልላት፣ አንድ ነገር ልፈጥርላት እችል ነበር። ስንት ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። ነገር ግን ያ ሰሌዳ ፊቴ ላይ ነበር፤ የምፈጥረውን የማስገባበት ሳጥን አጣሁ።

«ከወረቀቱ አልጎደለም» አልኳት። «ያን ሰሞን ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ ስለ ሽንት ማሸኛው መድኃኒት አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። በሁሉም ፊት። መልሱን አላውቀውም ነበር። ሐኪሙ ሲያቅተኝ አይቶ ወደ አንቺ ዞረና፣ አንቺ ተናገርሽው። ወረቀትሽ እጄ ሲገባ ያ ቀን ነው የታየኝ። ቀንቼብሽ ነው፣ ቀመሪያ። የመጀመሪያውን ረድፍ ስህተትም አይቼው ነው ዝም ያልኩሽ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ቢያንስ ታለቅሳለች አልኩ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው፣ ሻርፗን አስተካከለች።

«ስድስት ወር ነው የደገምኩት» አለች። «አባቴ ሥራ ይዛ ታግዘኛለች ብሎ ሲጠብቅ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ነው የሞተው።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በማግስቱ የአርባ ሦስት ተማሪ ወረቀትና ረድፉ የተከፈለበት አርባ ሦስት አዲስ የማረሚያ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ ጠበቀኝ። የመጀመሪያውን አነሣሁ። መረጃ ከሚለው ጀመርኩ፣ ወረቀቱን አነበብኩ፣ ሳጥኑን አነበብኩ፣ ሦስት ሰጠሁ፣ ለምን ሦስት እንደሆነም ከጎኑ ጻፍኩ። ያቺ ልጅ እኔን ምን ያህል እንደምትጠላኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ቃሉን ከአፏ አውጥታ ብትሰጠኝ ኖሮ እኔም ምን እንደጎደለኝ አውቄ አርፍ ነበር።