ከሂሳቡ የወጣው ፖስት

እኔ ፋሪዳ እባላለሁ። ከሚሴ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አፌ አያርፍም፣ ቶሎም እናደዳለሁ፤ ይሄን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የምነግራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ዑሙልኸይር ነው። እሷ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ናት፤ አስር ቃል ተናግሬ አንድ ነው የምትመልስልኝ።

ዑሙልኸይር ሱቄ ውስጥ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ አላት። እዚያ ቁጭ ብላ «የከሚሴ ወሬ» የሚባለውን የፌስቡክ ፔጅ ትሠራለች። ከወንድሟ ከሙሄ ጋር ነው የጀመሩት። እሷ ትጽፋለች፤ ውሃ የሚጠፋበትን ቀን፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሚከራይ ቤት፣ የጀናዛ ማስታወቂያ። ሙሄ ደግሞ እሁድ እሁድ በሞተሩ ሰንበቴ ከተማ ይወርድና የከብት ገበያውን ይቀርጻል። በሬው መሀል እየተሽሎከለከለ «ይሄስ ስንት ይላል? እሱስ?» እያለ ነጋዴውን ሲያስቀው ይውላል። ከአፋር በረሃ የሚመጡት የግመል ነጋዴዎች እንኳ በስሙ ነበር የሚጠሩት። ጨፋ ያለ ገበሬ በሬውን ለመሸጥ ከማሰቡ በፊት የሙሄን ቪዲዮ ያያል።

አንድ እሁድ ጠዋት ሙሄ እንደልማዱ ወጣ፤ ሰንበቴ ሳይደርስ ሞተሩ ከመንገድ ወጣበት። በዚያው ቀረ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

የጀናዛውን ማስታወቂያ ራሷ ጻፈችው። «ፎቶውን ትንሽ አጉልተሽ ቁረጪልኝ» አለችኝ፤ እያለቀስኩ ቆረጥኩላት። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ «ከዙሁር ሰላት በኋላ» ብላ ጽፋ ለጠፈችው። ከዚያ ስልኳን አጥፍታ ቁጭ አለች። እኔ ስጮህ፣ እናቷ ሙሚና ስትወድቅ ስትነሳ፣ ዑሙልኸይር ለለቅሶተኛው ውሃ ትቀዳ ነበር። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ። ምን ጠንካራ! ደርቃ ነው እንጂ። ምግብ ሲሰጧት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች፤ እንባ የሚባል ግን የለም።

ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል አንድ ደላላ ቤታቸው መጣ። ጂዳ ሥራ አለ፣ ወረቀቱ እስከ ወር መጨረሻ መግባት አለበት አለ። ሙሚና ጡቷን ይዛ ልጇን ለመነቻት። ዑሙልኸይር እንዲህ አለቻት፤ «ፔጁ በወር ስድስት ሺ ብር ካስገባ አልሄድም። ካላስገባ ግን የቤቱን ኪራይ ማን ይከፍለዋል?» ቀድሞ የሙሄ ሞተር ነበር የሚከፍለው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዕቃ ያመላልስበት ነበር። ሙሚና እኔ ዘንድ እየሮጠች መጣች። «ልጄን አስቀሪልኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ወር ልጣ?» አለችኝ። እኔም በአላህ ስም ማልኩላት፤ አስቀራታለሁ አልኳት።

ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው አጥቼ አይደለም፤ የጨነቀኝ ዋጋው ነው። ሐጂ ዓብዱልመጂድ የውሃ ፓምፕ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ቦርከና ዳር ያለ ገበሬ ሁሉ ደንበኛቸው ነው። «ቁጥራችሁን በወረቀት አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ በሳምንት አንድ አንድ ጊዜ ላስነግር እችላለሁ» ብለው ነበር።

ዑሙልኸይር ዋጋ የምታወጣበት ሕግ ነበራት፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ፔጁ ሃያ አንድ ሺ ተከታይ አለው። «ተከታይ ዋጋ አይደለም» ትል ነበር፤ «ግማሹ ድሮ ፎሎው ተጭኖ የረሳን ነው። ዋጋው አንዱን ፖስት ስንት ሰው አየው የሚለው ነው።» የሃያ ስምንት ቀኑን ፖስት ተመልካች ትደምራለች፣ ለፖስቱ ብዛት ታካፍላለች፣ ለአንድ ሺ ተመልካች ሁለት መቶ ብር ትላለች። በቃ።

ከሙሄ ወዲህ ግን ያን የቁጥር ገጽ ከፍታው አታውቅም። «አንቺ ሥሪው» አለችኝ። ሠራሁት። በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለት ፖስት ነበር፤ ሲደመር መቶ ሃያ ሺ፣ ሲካፈል አሥር ሺ። ስለዚህ አንዱ ማስታወቂያ ሁለት ሺ ብር፣ በወር አራት ጊዜ ስምንት ሺ! ደስ አለኝና ባለ ቀለም አድርጌ አተምኩት፤ ለእያንዳንዱ ፖስት እንደ ተመልካቹ ብዛት የሚረዝም አንድ ዘንግ፣ ከሥሩ ቀኑን።

አሁን እውነቱን ልናገር። አሥራ አንዱ ዘንግ አጫጭር ነው። አንዱ ግን ከወረቀቱ አናት ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ ሰማንያ ስድስት ሺ ሰው። የሙሄ ጀናዛ። እያወቅኩ ነው የደመርኩት። ተመልካች ተመልካች ነው፣ እኔ መቼ ዋሸሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ወላሂ የፈለግኩት እንዳትሄድብኝ ብቻ ነው። ወረቀቱን ግን አላሳየኋትም፤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐጂ ሱቅ ገባን። ሰውየው ከመቀመጫቸው ተነስተው «አካም ጅርቱ?» ብለው ተቀበሉን። ለሙሄ ዱዓ አደረጉለት፤ «አላህ ጀነት ይስጠው፣ ለእናንተም ሰብሩን» አሉ። ዑሙልኸይር «አሚን» አለች። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

«ሃያ አንድ ሺ ሰው» አሉ። «ግማሹ ግን ጂዳና ሪያድ ነው አይደል? የእኔ ልጅ፣ ጂዳ ያለች የሰው ቤት ሠራተኛ ፓምፕ ምን ያደርግላታል?»

«አባቷ ጨፋ ያርሳል» አለች ዑሙልኸይር። «ፓምፑን የሚገዛው በእሷ ብር ነው።»

ሐጂ ሳቁ። «ኤዬ፣ ይሄስ ልክ ነው!» አሉና ወደ ዘንጎቹ ወረዱ። ጣታቸው ረጅሙ ላይ ሄዶ አረፈ።

«እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው! የዚያን ቀን ምንድን ነው የለጠፋችሁት? እንደዚያ ያለውን ደግሙና የእኔን ከሥሩ አድርጉልኝ። ሁለት ሺ አይደለም፣ ሦስትም እከፍላለሁ።»

ሰውየው ክፋት የላቸውም፤ ከሥር ያለውን ቀን አላስተዋሉትም እንጂ። ዑሙልኸይር ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችው። ቀኑን አየች። እኔንም አየችኝ። አለመቆጣቷ ገደለኝ፤ ምነው በሰደበችኝ፣ ምነው በጥፊ ባለችኝ! ጠረጴዛው ላይ ከነበረው እስክሪብቶ አንዱን አነሳችና ረጅሙ ዘንግ ላይ መስመር አሰመረች።

«ይሄ አይቆጠርም» አለች።

«ለምን? ሰው አላየውም?»

«አይቶታል። ግን አይደገምም፣ ሐጂ። አንድ ወንድም ነው የነበረኝ።»

ሐጂ ዓብዱልመጂድ ጣታቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ። «ያ አላህ፣ ያ አላህ፣ አፉ በሉኝ» አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የሚያለቅሱት እሳቸው፣ የማለቅሰው እኔ። እሷ ሂሳብ ትሠራለች። ወረቀቱ ጀርባ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ተራው ፖስት ዘጠኝ ነው፤ እያንዳንዱን ሁለት ሺ ሰው ያየዋል፤ ዋጋው አራት መቶ ብር።

በወር አራት ጊዜ ማለት አንድ ሺ ስድስት መቶ ብር ነው። በቃ፣ ሄደች አልኩ። ሙሚና ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጠረጉና «እነዚህ ሁለቱስ?» አሉ። ከአጫጭሮቹ መሀል ትንሽ ብቅ ያሉ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ሺ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ዑሙልኸይር እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የሰንበቴ ገበያ ነው» አልኩ እኔ። «እሁድ እሁድ። ሙሄ ነበር የሚ...» ጨርሼ መናገር አቃተኝ።

«እሱ በየሳምንቱ ስምንት ሺ ነበር?» አሉ ሐጂ።

«አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ» አለች እሷ። «የሚያየውም ገበሬው ነው። ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው።» ቀጥላ ያንኑ ደረቅ ድምፅዋን ይዛ፣ «አንዱ አንድ ሺ ስድስት መቶ ነው፤ በወር ስድስት ሺ አራት መቶ። ከስምንት ሺ ሰው በታች ካየው የጎደለውን እቀንስልዎታለሁ» አለች።

«ማን ሊቀርጸው ነው ልጄ?»

«እኔ።»

«በዚያ መንገድ?»

«ሌላ መንገድ የለውም።»

ሐጂ በዋጋው ተስማሙ። ስንወጣ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ተይው፣ ገብቶኛል» አለችኝ። ሙሚና ልጇ እንደማትሄድ ስትሰማ አልሐምዱሊላህ ብላ ሱጁድ ወረደች፤ ስድስት ሺው ከየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ስትሰማ ግን እዚያው ተቀምጣ ቀረች።

እሁድ ዑሙልኸይር በሚኒባስ ሰንበቴ ወረደች። አብሬሽ ልሂድ ብላት እንቢ አለች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ቪዲዮውን ከነፓምፑ ማስታወቂያ ለጠፈችውና ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ስልኬን ይዤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ሄጄ አየሁት።

በሬዎቹ ይታያሉ፣ አቧራው፣ የሰው ጫጫታ። ድምፅዋ «ይሄ ስንት ነው?» ይላል፣ ነጋዴው ዋጋውን ይነግራታል፤ «ያኛውስ?» ትላለች። የምታስቀው ሰው የለም፣ ዋጋው ብቻ ነው። መሀል ላይ አንድ ከበረሃ የመጣ የግመል ነጋዴ፣ ወሬው ያልደረሰው መሆን አለበት፣ ካሜራው ውስጥ ፊቱን አስገብቶ እየሳቀ «ሙሄስ? ሁለት ገበያ አጣነው እኮ! የት ጣላችሁት?» አለ።

ቪዲዮው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተስተካከለ።

«አልመጣም» አለች ዑሙልኸይር። «ግመሉ ስንት ነው?»

ቆርጣ ልታወጣው ትችል ነበር፤ አላወጣችውም። እኔ ማሽኑ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ፤ ደንበኛ መጥቶ ጠርቶኝ ጠርቶኝ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት «ስንት ሰው አየው?» አለችኝ። ቁጥሩን አሁንም ራሷ አትከፍተውም።

«ሰባት ሺ አምስት መቶ።»

«አምስት መቶ ጎድሏል» አለች። «ለሐጂ መቶ ብር ቀንሽላቸው።» ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ አለችና የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመረች። ደግሞ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፤ «እሱን ሊያዩ የሚመጡት ቀርተው ነው።»