ለአርባዋ የጻፍኩት ገጽ

በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎቼ የምደግማት ተረት አለችኝ፤ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ»። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ አስተምራለሁ። እንደ እኔ ግን ሌላውን መክሮ ራሱን የረሳ የለም።

ጭልጋ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ባለቤታቸው ሞተውባቸው ነበር። ሴትየዋ ቅማንትኛን አቀላጥፈው ከሚናገሩት ጥቂቶች አንዷ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ለጥናቴ ድምፃቸውን ቀድቼ፣ ምርቃታቸውን ሳይቀር በቋንቋቸው በደብተሬ ጽፌ ይዣለሁ። አዛውንቱ በስልክ አጭር መልእክት ላኩልኝ፤ «ለአርባዋ የልጅ ልጆቼ ይሰበሰባሉ። ስለ ቅማንትኛ ከእሷ የሰማሽውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪልኝ።»

«በቅማንትኛ ነው ወይስ በአማርኛ?» ብዬ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። የጻፉልኝ በአማርኛ ነው፤ ልጆቹም የሚያውቁት አማርኛ ነው፤ ምኑ ይጠየቃል? ደግሞ ሐዘን ላይ ያለን ሰው በጥያቄ ማድከም ነውር መሰለኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ አዋቂ መስዬ መታየት ፈለግሁ።

ሁለት ቀን ተቀምጬ ያማረ አማርኛ ጻፍኩ። ቋንቋው ከአገው ወገን እንደሆነ፣ ተናጋሪው እያነሰ እንደሄደ፣ ሟቿም ምን ያህል እንደረዱኝ። በአርባው ቀን አንዲት የልጅ ልጃቸው ተነሥታ አነበበችው። አዛውንቱ እስክትጨርስ አንገታቸውን አቀርቅረው ጠበቁና፣ «ምነው ልጄ፣ የእሷስ ቃል የት አለ?» አሉኝ።

«አያ፣ በአማርኛ ስለጻፉልኝ...»

«በአማርኛ የጻፍኩትማ አንቺ እንድትረጂኝ ነው። ልጆቹ እሷን እንዲሰሙ ነበር የፈለግሁት። ፊደሉን እንደሁ ያነቡታል።»

እውነታቸውን ነው። ቅማንትኛውን የጻፍኩት በዚሁ በፊደላችን ነበር፤ ትርጉሙን ከሥሩ ባደርግላቸው ልጆቹ ድምፁን አውጥተው ያነቡት ነበር። ደብተሩ ጎንደር፣ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ልጆቹ በማግሥቱ ወደየመጡበት ይበተናሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ሳይቆጡኝ ቀርተው «እህል ቅመሽ እንጂ» ማለታቸው ነው።

በሳምንቱ ምርቃቱን በቅማንትኛ፣ ከሥሩ አማርኛውን አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ቅማንትኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። በየመስመሩ መጨረሻ ቆም ይላሉ። መጀመሪያ ለምን እንደሚቆሙ አልገባኝም ነበር፤ ለካ ልጆቹ «አሜን» የሚሉበት ቦታ ኖሯል።

ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ብቻዬን አሜን አልኩ።