እህቴና የሬጅስትራሩ ፖስታ

እህቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ትደግመዋለች። የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ባልደረቦቿ «መርማሪት» ይሏታል፤ ደሙን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ስለምትመረምር። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት ሌላ ሐኪም ትጠይቃለች። ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ «ተመካክረው ነው» ትላለች።

ባሏና ልጇ ወደ ውጭ አገር ቀድመዋት ሄደዋል። እሷ እዚያ በሙያዋ ለመሥራት የፈቃድ ፈተና መውሰድ አለባት፤ ለፈተናው ለመመዝገብ ደግሞ የትምህርት ማስረጃዋን የሚገመግም ድርጅት አለ። ድርጅቱ ትራንስክሪፕቱን የሚቀበለው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው፦ የማመልከቻ ቁጥሯ የተጻፈበት፣ የታሸገ፣ በክዳኑ መገጣጠሚያ ላይ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ። ተከፍቶ የደረሰውን አይቀበልም። እህቴ ይህን ስታነብ ፈገግ አለች። «አየህ፣ ከእኔ የባሱ አሉ» አለችኝ።

ክፍያውን ፈጽማ፣ ቅጹን ሞልታ ለሬጅስትራሩ ካስገባች ወራት አለፉ። ኢሜይል ብትልክ መልስ የለም፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። መስኮቱ ጋ ስትሄድ «ሂደት ላይ ነው» ይሏታል። ድርጅቱን ብትጠይቅ «እኛ ተከታትለን አናስመጣም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ፋይልሽ ይዘጋል» አሏት። ልጇ በስልክ ስትደውል ሰላምታውን ትታ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ብቻ ትላለች።

አንድ ቀን እህቴ ከዩኒቨርሲቲው ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«የሬጅስትራሩ ኃላፊ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ያ አብሮኝ የተማረው! በፈተና ከእኔ ሲቀዳ ያስያዝኩት!»

በእሷ ምስክርነት አንድ ዓመት የተቀጣው ልጅ ነው። እኔም አልዋሽም፣ ነገሩ አልጣመኝም። እሷማ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች። «ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቂሙን እየተወጣ ነው።»

«እንግዲያው ፊት ለፊት እንጠይቀው» ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ሰውየው ከቢሮው ወጥቶ ተቀበለን። እህቴ ሆን ብላ «እርስዎ» እያለች ጠየቀችው፤ እሱ «አንቺ» እያለ መለሰላት። እንደ ነገረን የእነሱ ዘመን ውጤት በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከመታተሙ በፊት ከዋናው መዝገብ ጋር የሚያመሳክሩት ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዷ ወልዳ ፈቃድ ላይ ነበረች።

«ይህን መንገር ምን ይከብድ ነበር?» አለች እህቴ።

«ልክ ነሽ። መንገር ነበረብን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ነገ ጠዋት ፈጣን መልእክት የሚያደርሰውን ድርጅት ሠራተኛ እዚህ አስመጪው። ላኪው እኛ ስለምንሆን እኛው እናስረክበዋለን።»

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘችኝ። «ጥፋቱን ቶሎ ሲያምን አየኸው? ንጹሕ ሰው እንዲህ ቶሎ አያምንም።»

በማግስቱ የመልእክት ሠራተኛው መጣ። ፖስታው ታሽጎ፣ ማኅተሙ በክዳኑ ላይ አርፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኃላፊው የመላኪያ ሰነዱን ኮፒ ሊያስደርግ ወጣ። እህቴ «አድራሻውን ልየው» ብላ ፖስታውን አነሳች። አድራሻው ልክ ነው። ወደ ብርሃን ዘረጋችው፤ ምንም አይታይም። ከዚያ ጥፍሯ ወደ ክዳኑ ሲሄድ አየሁት።

«ተይ እንጂ!» አልኩ። ማኅተሙ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር።

የመልእክት ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ። «እቴ፣ ይሄንን ብወስደውም ይመልሱታል።»

ኃላፊው ተመልሶ ገባ። ፖስታውን አየ፣ እሷን አየ። ጮክ ብሎ ይሰድባታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷም ጠብቃለች መሰለኝ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን የመልእክት ሠራተኛውን «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠን» ብሎ ወደ ማተሚያው ሄደ። አዲስ ቅጂ አውጥቶ ራሱ ፈረመበት፣ አሸገው፣ ማኅተሙን መታበት።

ከዚያ ወደ በሩ አመለከተ። «አንቺ በረንዳው ላይ ጠብቂ።»

እህቴ ወጣች። በሕይወቷ ሙሉ ሰው ስትጠረጥር አይቻታለሁ፤ ስትጠረጠር ግን ያየኋት ያን ቀን ነው። ፖስታው ከኃላፊው እጅ ወደ መልእክተኛው ቦርሳ ሲገባ በመስኮቱ ታይ ነበር፤ መስተዋቱን እንኳ አልነካችም። አሳዘነችኝ።

ወሩ ሳያልቅ ከድርጅቱ «ትራንስክሪፕትሽ ደርሶናል» የሚል ኢሜይል መጣ። እልል ትላለች ስል ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ያኔ ፈተናው ላይ» አለች፣ «ሲቀዳ በዓይኔ አላየሁትም። መልሳችን አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ ነበር።»